ግልጽ ላልሆነ ትእዛዝ ለአለቃ የሚጻፍ ኢሜይል፦ ከመጋዘን ወደ ዋና መሥሪያ ቤት

«የጥቅምትን የስቶክ ልዩነት አጣርተሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ።»

ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018 ከሰዓት በኋላ ይህች መስመር በቴሌግራም ደረሰች እንበል። የደረሳት ገላን ባለ የአንድ አከፋፋይ ድርጅት መጋዘን የምትሠራ የስቶክ ሠራተኛ ናት፤ የላኩት ደግሞ ካዛንቺስ ዋናው ቢሮ የሚቀመጡት ኃላፊዋ ናቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ብቅ ብላ በጠየቀቻቸው ነበር። ከገላን ካዛንቺስ ድረስ ግን ለአንድ ጥያቄ አይኬድም፤ ስልካቸውም ከስብሰባ ስብሰባ እንደተዘጋ ነው። የቀራት ኢሜይል ነው።

ለገጣፎም ሆነ ቃሊቲ፣ ሰበታም ሆነ ሱሉልታ፣ ከዋናው ቢሮ ርቆ የሚሠራ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል። ቢጠይቅ «ይህንንም አያውቅም እንዴ?» ይባላል ብሎ ይሰጋል። ባይጠይቅ ደግሞ ሦስት ቀን የለፋበት ሪፖርት ዓርብ ዕለት «የፈለግሁት ይህን አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። አለቃን የሚያሰለቸው ጥያቄ መልሱን ከባዶ ተነሥተው እንዲጽፉ የሚያስገድዳቸው ነው። ሠራተኛው አገላብጦ፣ አማራጭ አስቀምጦ፣ የቀረውን ውሳኔ ብቻ ሲጠይቅ ግን አለቃው የሚያነቡት የሥራ ሂደት መግለጫ ይሆናል። ከዚህ በታች ያንን ኢሜይል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራዋለን። ድርጅቱ፣ ቁጥሮቹና ስሞቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው።

ትእዛዙን ቃል በቃል መበተን

ኢሜይሉን ከመክፈት በፊት ወረቀት ያውጡ። ትእዛዙን እንደተነገረው፣ አንዲት ቃል ሳይለውጡ ይጻፉት። በስልክ ወይም በድምፅ መልእክት የመጣ ከሆነ እንደሰሙት ወዲያው ይጻፉ፤ በማግስቱ በትዝታ ሲጻፍ ሰው የገባውን እንጂ የተባለውን አይጽፍም። ከዚያ በእያንዳንዱ ቃል ሥር ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ያስፍሩ።

«የጥቅምትን»። የእኛ ጥቅምት 2018 ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2025 ነው። ብዙ ቢሮዎች ግን ኦክቶበርን በአማርኛ ሲጠሩት «ጥቅምት» ይላሉ፤ ያኛው ወር ደግሞ በእኛ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ይሄዳል። ሁለቱ የሚገናኙት በ21 ቀን ብቻ ነው። በውጭ አቅራቢ ዕቃ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ፋይናንሱ በፈረንጅ ወር፣ መጋዘኑ በሐበሻ ወር ሲሠሩ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ወር የሚጠራ ትእዛዝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ይሁን።

«የስቶክ ልዩነት»። በመዝገብ ያለውና በቆጠራ የተገኘው ሲለያዩ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን በብዛት ነው በብር? በብር ከሆነስ በግዢ ዋጋ ነው ወይስ በመሸጫ? የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ገብቶበት ነው ወይስ ሳይገባ?

«አጣርተሽ»። አደገኛዋ ቃል ይህች ናት። ልዩነቱን ዘርዝሮ ማሳየትም ማጣራት ነው፤ ምክንያቱን እየፈለጉ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ከወጪ ሰነድ ጋር ማመሳከርም ማጣራት ነው፤ አንዳንዱ አለቃ ደግሞ መዝገቡን አስተካክሎ መጨረስ ማለቱ ይሆናል። የመጀመሪያው የግማሽ ቀን፣ ሁለተኛው የቀናት ሥራ ነው። ሦስተኛው ያለ ፈቃድ ከተሠራ ጥፋት ነው። «አስተካክል»፣ «ተከታተል»፣ «ጨርስ»፣ «እየው» የሚሉት ግሦችም እንደዚሁ ናቸው፤ የተለመዱ በመሆናቸው ማንም አይጠረጥራቸውም።

«እስከ ዓርብ»። ዓርብ ጠዋት ለስብሰባ ነው ወይስ ዓርብ ማታ ቢሮ ሲዘጋ? «ላኪልኝ» የሚለው ደግሞ ለእሳቸው ብቻ ነው ወይስ ለፋይናንስም?

ከአንዲት መስመር ወደ ስምንት የሚጠጋ ጥያቄ ወጣ። ይህን ሁሉ በኢሜይል የሚጠይቅ ሰው ነው ሳይዘጋጅ የመጣ የሚመስለው። አብዛኛው ወደ አለቃው ሳይደርስ መሞት አለበት።

መልሱ ማን ዘንድ እንዳለ መለየት

ከየጥያቄው አጠገብ መልሱ ያለበትን ቦታ ይጻፉ። ቦታው ሦስት ነው፦ ሰነድ፣ ባልደረባ፣ አለቃ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ በላይ ፍለጋው ከረዘመ ጥያቄው ራሱ መዘግየት ይጀምራል፤ ማክሰኞ የተሰጠን ሥራ ሐሙስ መጠየቅ የቱንም ያህል ጥሩ ቢጻፍ አያምርም።

ሠራተኛዋ ያለፈውን ወር ፋይል ከፈተች። የመስከረሙ ሪፖርት በኤክሴል የተሠራ ነው፤ ዋጋው የግዢ ዋጋ ነው፤ ታክስ አልገባበትም፤ የተላከውም ለኃላፊዋ ብቻ ነው። በአንድ ፋይል አራት ጥያቄ ተመለሰ። እነዚህ ኢሜይሉ ውስጥ እንደ ጥያቄ አይገቡም። «በመስከረሙ ቅጽና በግዢ ዋጋ እያዘጋጀሁ ነው» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ትይዛቸዋለች። አለቃዋ ሌላ ከፈለጉ ያኔ ያርሟታል፤ ካልፈለጉ አንብበው ያልፋሉ።

ቀጥላ ፋይናንስ ያለ ባልደረባዋን ደወለችለት። ዓርብ ማለት ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት እንደሆነ ነገራት። ጨምሮም ከክፍሉ ለሁሉም የተላከውን የወር መዝጊያ መልእክት አስታወሳት፤ እዚያ ላይ የተጻፈው «ኦክቶበር» ነው። የመስከረሙ ሪፖርት ግን ከመስከረም 1 እስከ 30 ያለውን የያዘ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ማስረጃዎች ተጋጩ። ለኢሜይል ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። «ወሩ አልገባኝም» የሚል ሰው መልሱን ያልፈለገ ይመስላል፤ «የመስከረሙ በእኛ ወር ነበር፣ የፋይናንስ መልእክት ግን ኦክቶበር ይላል» የሚል ሰው ግን ሁለቱንም አንብቦ የመጣ መሆኑ ያለ ሌላ ምስክር ይታወቃል። ግጭት ሲያገኙ ሁለቱንም ምንጮች በስማቸው ይጥቀሱ።

ለአለቃ የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፤ የቱ ወር፣ እና ማጣራቱ እስከ ምን ድረስ።

ጥቂት ሠርቶ መጠየቅ

ከመጻፍ በፊት በአንድ ዕቃ ላይ ሥራውን ይሞክሩት። ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ጥያቄውን ቁም ነገር የሚያደርገው ግን እሱ ነው።

ሠራተኛዋ ባለ 5 ሊትር ዘይትን ወሰደች። እሑድ ጥቅምት 30 መጋዘኑ ዝግ ሆኖ ሲቆጠር 1,248 ጀሪካን ተገኘ፤ መዝገቡ 1,260 ይላል። ልዩነቱ 12 ነው። ወሩ ኦክቶበር ከሆነ ቆጠራው ወደ ጥቅምት 21 መመለስ አለበት። ከጥቅምት 22 እስከ 30 ባሉት ዘጠኝ ቀናት 310 ወጥቷል፣ 200 ገብቷል። ስለዚህ 1,248 ላይ 310 ተደምሮ 200 ሲቀነስ 1,358 ይመጣል። የመዝገቡም ቁጥር በተመሳሳይ መንገድ 1,370 ይሆናል። ልዩነቱ አሁንም 12 ነው!

ይህን ሳትሞክር ብትጽፍ ኖሮ «ወሩ ከተሳሳተ ልዩነቱ ሁሉ ይሳሳታል» ብላ ልትጽፍ ትችል ነበር፤ ስሌቱን የሚያውቁት ኃላፊም በልባቸው ፈገግ ይሉ ነበር። አሁን ግን የምታውቀው በትክክል ነው፦ በወሩ ምርጫ የሚለወጡት የመክፈቻው፣ የገቢው፣ የወጪውና የመዝጊያው ዓምዶች ናቸው፤ ከፋይናንስ መዝገብ ጋር የሚገናኙትም እነሱ ናቸው። ሁሉንም ዕቃ ወደ ኋላ መመለስ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅም ከአንዱ ተነሥታ መገመት ቻለች።

በሁለተኛው ጥያቄም እንዲሁ። ከ140 የዕቃ ዓይነቶች ልዩነት ያለባቸው 23 ናቸው። በብር ስታሰላው ስድስቱ ብቻ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። የዘይቱን ምክንያት ለማግኘት ቢን ካርዱን ከወጪ ሰነዶቹ ጋር ስታመሳክር ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደባት። ስድስቱን እስከ ዓርብ ማድረስ ይቻላል፤ 23ቱን ግን አይቻልም። አሁን ለአለቃዋ «ምን ላድርግ?» ሳይሆን «ይህን እስከዚህ፣ ወይም ያንን እስከዚያ» ማለት ትችላለች።

ሁለት የማይሠሩ ኢሜይሎች

የመጀመሪያው አጭሩ ነው።

> ሰላም ወ/ሮ ሰላማዊት፣ ስለ ስቶክ ሪፖርቱ የላኩልኝ ግልጽ አልሆነልኝም። እባክዎ ቢያብራሩልኝ?

ትሕትና አልጎደለውም። ችግሩ የትኛው ክፍል እንዳልገባት አይናገርም። ወ/ሮ ሰላማዊት ወይ ሁሉንም እንደ አዲስ መጻፍ፣ ወይ «ምኑ ነው ያልገባሽ?» ብለው መመለስ አለባቸው። አንድ ቀን እንዲሁ ያልፋል።

ሁለተኛው ረጅሙ ነው።

> ክብርት ወ/ሮ ሰላማዊት፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ እያወቅሁ ስለማስቸግርዎ በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምናልባት እኔ በደንብ ሳልረዳው ቀርቼ ይሆናል፤ ጥያቄዬም ቀላል ሊሆን ይችላል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው...

ከይቅርታው ብዛት ጥያቄው አልደረሰም። «ምናልባት እኔ ሳልረዳው» የምትለዋ ሐረግ ትሕትና ትመስላለች፤ አለቃው የሚያነቡት ግን ያልተዘጋጀች መሆኗን በራሷ አንደበት ስትመሰክር ነው። «ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው» የማኅተም ደብዳቤ ልማድ ነው፤ በስልክ ስክሪን ላይ ከሚታዩት ሦስት መስመሮች አንዱን ይበላል። አክብሮት በ«ወ/ሮ»፣ በ«እርስዎ» እና በግሡ ይገለጻል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የሚሠራው ኢሜይል

ርዕሱ፣ ማለትም Subject የሚለው ሳጥን፣ እንዲህ ይሁን፦

> የጥቅምት ስቶክ ልዩነት፦ 2 ውሳኔ፣ እስከ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት

ረጅም ርዕስ በስልክ ላይ ስለሚቆረጥ የሥራው ስም ይቅደም፤ ቀጥሎ ከእሳቸው የሚፈለገው፤ ቀጥሎ ሰዓቱ። «ጥያቄ» ወይም «አስቸኳይ» ብቻ የሚል ርዕስ ከሳምንት በኋላ ተፈልጎ አይገኝም።

ከዚያ ሐተታው፦

> ሰላም ወ/ሮ ሰላማዊት፣
>
> ትናንት «የጥቅምትን የስቶክ ልዩነት አጣርተሽ እስከ ዓርብ ላኪልኝ» ባሉኝ መሠረት ሥራውን ጀምሬያለሁ። እሑድ ጥቅምት 30 በተደረገው ቆጠራ ከ140 የዕቃ ዓይነቶች በ23ቱ ላይ ልዩነት አለ። ሪፖርቱን በመስከረሙ ቅጽና በግዢ ዋጋ እያዘጋጀሁ ነው። በሁለት ነጥብ ላይ እንዲወስኑልኝ እጠይቃለሁ።
>
> 1. የሪፖርቱ ጊዜ። የመስከረሙ ሪፖርት በእኛ ወር ነበር፤ የፋይናንስ የመዝጊያ መልእክት ግን ኦክቶበር ይላል።
> ሀ. ከጥቅምት 1 እስከ 30
> ለ. ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21፣ ሙሉ ኦክቶበር
> ሥራው እንዳይቆም በሀ ጀምሬያለሁ። ለ ከሆነ ተጨማሪ ግማሽ ቀን ይፈልጋል፤ ዛሬ ከታወቀ ግን ዓርብ ይደርሳል። የልዩነቱ መጠን በሁለቱም አንድ ነው፤ የሚለወጡት የመክፈቻ፣ የገቢ፣ የወጪና የመዝጊያ ዓምዶች ናቸው።
>
> 2. ምክንያቱን የማጣራቱ ስፋት።
> ሀ. የ23ቱም ልዩነት ተዘርዝሮ፣ በዋጋ ትልቁን ድርሻ የያዙት 6 ከነምክንያታቸው፤ ዓርብ ኅዳር 5 ከቀኑ 10 ሰዓት
> ለ. የ23ቱም ምክንያት፤ ማክሰኞ ኅዳር 9
> ዓርብን ለማድረስ ሀ የሚሻል ይመስለኛል።
>
> በሲስተሙ ላይ የማስተካከያ ምዝገባ ያለ እርስዎ ፈቃድ አላደርግም።
>
> «1ሀ 2ሀ» ብለው ቢመልሱልኝ ይበቃኛል። እስከ ዛሬ ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢደርሰኝ ሐሙስ ጠዋት ዓምዶቹን እዘጋለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር፣
> ሙሉ ስም፣ የገላን መጋዘን ስቶክ ክፍል፣ ስልክ ቁጥር

አሁን እያንዳንዱ ክፍል ለምን እዚያ እንደተቀመጠ እንይ።

ትእዛዙ በጥቅስ መመለሱ ሁለት ጥቅም አለው። በቀን ብዙ መልእክት የሚልኩ ኃላፊ የጻፉትን ለማስታወስ ወደ ቴሌግራም አይመለሱም። ከዚህም በላይ የገዛ ቃላቸውን ሲያነቡ ሁለት ትርጉም እንዳለው ራሳቸው ያዩታል፤ «ትእዛዝዎ ግልጽ አይደለም» ብሎ መናገር አላስፈለገም። እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ውስጥ «ግልጽ አይደለም» የሚለው ሐረግ ከነአካቴው ባይኖር ይመረጣል፤ ወይ አለቃውን ይወቅሳል፣ ወይ ጸሐፊውን ያሳንሳል።

«ጀምሬያለሁ» የሚለው ከጥያቄዎቹ በፊት መምጣት አለበት። ከታች ቢሆን አንባቢው እስኪደርስበት ድረስ ሥራው ቆሞ ጥያቄ የመጣ ይመስለዋል። ግን እውነት ይሁን። ሳይጀምሩ ጀምሬያለሁ ያለ ሰው «እስካሁን ያለውን ላኪልኝ» ሲባል ይጋለጣል።

አማራጮቹ ሁለት ሁለት ናቸው። ሦስትም ይሆናሉ፤ አራት ከሆኑ ግን የመለየት ሥራው አልተጠናቀቀም ማለት ነው። እያንዳንዱ አማራጭ ዋጋው ይጻፍበት፦ ስንት ቀን፣ ምን ይቀራል፣ ምን ይለወጣል። ዋጋው ካልተጻፈ ሁሉም አለቃ ሰፊውን ይመርጣል፤ 23ቱንም፣ ዓርብም።

የራስ ምርጫን መናገር አንዳንዱ ሰው ድፍረት ይመስለዋል። «የሚሻል ይመስለኛል» ብሎ ከነምክንያቱ ካስቀመጡት ግን ለአለቃው ሥራ ያቀልላል፤ ውሳኔውም የእሳቸው እንደሆነ ይቀራል።

«መልስ ካልደረሰኝ በሀ እቀጥላለሁ» ማለት በአንዳንድ ቢሮ ይሠራል፤ በእኛ ቢሮዎች ግን ማስጠንቀቂያ ይመስላል። «ሥራው እንዳይቆም በሀ ጀምሬያለሁ» ሲባል ያው ነገር ያለ ጉርምርምታ ይደርሳል። ይህ የሚሠራው ግን ሊመለስ በሚችል ሥራ ላይ ብቻ ነው። ገንዘብ የሚያስወጣ፣ በሲስተም ላይ ቋሚ ምዝገባ የሚያደርግ ወይም ለደንበኛና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚላክ ነገር ሲሆን ዝምታን እንደ ፈቃድ መውሰድ አይቻልም። ስለ ማስተካከያው ምዝገባ ለብቻው አንድ መስመር የተጻፈው ለዚህ ነው፤ «አጣርተሽ» የሚለው ቃል ሦስተኛ ትርጉሙን እዚያ ላይ አጣ።

ሰዓትና ቀንን በሚመለከት፦ «10 ሰዓት» ብቻ ሳይሆን «ከቀኑ 10 ሰዓት» ይባል። ኮምፒዩተሩ ያንኑ ሰዓት 4:00 PM ብሎ ስለሚያሳይ፣ ካላንደር የሚጠቀሙ አለቃ 10:00 AM ላይ ሊመዘግቡት ይችላሉ። ቀን ሲጽፉ የሳምንቱን ቀን ከቁጥሩ ጋር ያስቀምጡ። በፈረንጅ ቀን የሚሠራ ሰው ግልባጭ ካለበት «ዓርብ ኅዳር 5፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 14» ብሎ መጻፍ መስመር አያስረዝምም።

በምን ቋንቋ ይጻፍ ለሚለው፣ ትእዛዙ በመጣበት ቋንቋ መጻፍ ይሻላል። በእንግሊዝኛ ለማሳመር ሲባል «አጣርተሽ» የምትለዋ ቃል አንዱን ትርጉሟን ብቻ ይዛ ትሄዳለች፤ ጥያቄው የነበረውም እዚያ ላይ ነው።

ከመላክ በፊት

Cc ላይ ማንን? ፋይናንስ ያለውን ባልደረባ ማስገባት ያጓጓል፤ መልእክታቸው ተጠቅሷልና። ግን «የእርስዎ እንዲህ ይላል፣ የእነሱ እንዲያ» የሚል ኢሜይል ግልባጭ ሲኖረው አለቃን በሰው ፊት ያሳጣል። ለእሳቸው ብቻ ይላክ። የአለቃን አለቃ ማስገባት ከናካቴው አይታሰብ፤ ያኔ ጥያቄው ክስ ይሆናል።

የተቀባዩን አድራሻ በመጨረሻ ይሙሉ፤ ሳያልቅ የተላከ ረቂቅ ያሳፍራል። ዓባሪ ካለ አንድ ፋይል ይብቃ፤ እዚህ የ23ቱ ዝርዝር ቢያያዝ አይከፋም፣ ግን ጥያቄው ዓባሪው ሳይከፈት መመለስ የሚችል መሆን አለበት። ከዚያ ኢሜይሉን ወደ ራስዎ ልከው በስልክ ያንብቡት። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ በጣት ሳይገፉ ካልታየ መግቢያው ረዝሟል።

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ የላኩት ኢሜይል ሳይሄድ Outbox ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። Sent ውስጥ ገብቶ እስኪያዩት ድረስ ተልኳል አይበሉ። ጠዋት 3 ሰዓት የላኩት ማታ ደርሶ «እስከ ዛሬ 10 ሰዓት» የሚል ሆኖ ሲነበብ፣ ጥሩ የተጻፈውም ኢሜይል ግዴለሽ ይመስላል።

መኪና በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅበት ጉዳይ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ ይደወላል።

ከተላከ በኋላ

ሰዓቱ ሳይመለስ ካለፈ አዲስ ኢሜይል አይጻፍ፤ በዚያው ላይ Reply ተብሎ አንድ መስመር ይጨመር፦ «ወ/ሮ ሰላማዊት፣ ነጥብ 1 ላይ ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ዓምዶቹን ስለምዘጋ ከዚያ በፊት ቢያዩልኝ።» ሁለቱንም ጥያቄ መልሶ መላክ አያስፈልግም፤ የሚቸኩለውን ብቻ። በቴሌግራም ማስታወስ ከተገባ «ኢሜይል ልኬልዎታለሁ፣ መልሱ 1ሀ ወይም 1ለ ነው» ይበቃል፤ ኢሜይሉን ሳይከፍቱ እዚያው ሊመልሱ ይችላሉ።

በስልክ ደውለው ከመለሱ፣ ንግግሩ እንዳበቃ በዚያው ኢሜይል ላይ የተባለው ይጻፍ፦ «አሁን በስልክ እንደነገሩኝ 1ለ እና 2ሀ ይዤ እቀጥላለሁ።» ይህ ሰውን ካለማመን የመጣ አይደለም። ዓርብ ዕለት «ኦክቶበር ነው ብዬሽ ነበር» እና «አላሉኝም» የሚለው ክርክር የሚነሣው እንዲህ ያለ መስመር ሲጠፋ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው መልስ ግን «እሺ» የሚለው ነው። ሁለት አማራጭ ያለው ጥያቄ ተጠይቆ «እሺ» ተብሎ ሲመለስ የብዙ ሰው ልማድ ዝም ብሎ የራሱን ግምት መሥራት ነው። ብዙ ጊዜ «እሺ» ማለት «ያልሺው ይሁን» ማለት ቢሆንም፣ አንዳንዴ «አይቼዋለሁ፣ ኋላ እመልስልሻለሁ» ማለትም ነው። እንደገና «የቱ?» ብሎ መጠየቅ ግን ያስቸግራል። መውጫው መልሱን ራስ ጽፎ መላክ ነው፦

> አመሰግናለሁ። 1ሀ እና 2ሀ እንደተስማሙበት ይዤ ዓምዶቹን ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ እዘጋለሁ። ኦክቶበሩ ከሆነ የሚፈለገው ከዚያ በፊት አንድ ቃል ይበቃኛል።

ዓርብ ሪፖርቱ ሲላክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ከርዕሱ ሥር «ከጥቅምት 1 እስከ 30 ቀን 2018፤ በግዢ ዋጋ፣ ያለ ታክስ፤ የ6 ዕቃዎች ምክንያት ተያይዟል፤ በሲስተም ማስተካከያ አልተደረገም» ተብሎ ይጻፍ። በኅዳሩ ሪፖርት ላይ የሚሠራው ሰው፣ ያቺው ሠራተኛም ብትሆን፣ ይህን ፋይል ሲከፍት የወሩን ጥያቄ እንደገና መጠየቅ አይኖርበትም።